የሾፌሩ ሱሪ

ሱሪውን ለሁለተኛ ጊዜ ወገቡን ሊያሰፋ የወሰደ ዕለት ልብስ ሰፊው ክሩን እየበጠሰ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ የሚለቀቅ ጨርቅ የለም» አለው። ሰውዬው በአዲስ አበባ የከተማ አውቶብስ ሲነዳ ዓመታት ያስቆጠረ የ47 ዓመት ሾፌር ነው። ክብደቱ 96 ኪሎ፣ ወገቡ እምብርቱ ላይ ሲለካ 112 ሳንቲሜትር።

ሱሪ ቀልድ አይደለም። እንግሊዝ አገር ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት፣ በለንደን ባለ ፎቅ አውቶብሶች ተቀምጠው የሚውሉት ሾፌሮች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም እንደሚጠቁ አሳየ። ቆየት ብሎ የደንብ ልብስ ልክ ሲታይ፣ በእኩል ዕድሜ የሾፌሮቹ ወገብ ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ወንበሩ ላይ መጣል አልተቻለም።

የእኛም ሾፌር ውፍረት ከወንበሩ ብቻ የመጣ አልነበረም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ምንም ሳይቀምስ ይወጣል። መንገድ ላይ ሽንት ቤት ስለማይገኝ ውሃ አይጠጣም። ጥማቱን የሚቆርጠው ተርሚናል ሲደርስ በሚጠጣው ሻይ ነው፤ በቀን አራት ብርጭቆ፣ እያንዳንዱ በሦስት ማንኪያ ስኳር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ለስላሳ ይጨምራል። አንዱ ጠርሙስ ሰባት ማንኪያ ገደማ ስኳር አለው። ድምሩ 19 ማንኪያ፣ ከ300 ካሎሪ በላይ ማለት ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ ሲገባ ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው ረሃብ ትሪው ላይ ይወርዳል።

መጀመሪያ የነካው ምግቡን ሳይሆን እግሩን ነው። ምልልስ በጨረሰ ቁጥር ጎማ ለማየት አውቶብሱን መዞሩ አይቀርም፤ እዚያው ላይ አምስት ደቂቃ ጨመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አሥር ሆነ። መንገዱ ተዘጋግቶ የእረፍቱን ሰዓት ሲበላበት ሁለት ዙር ብቻ ዞሮ ይገባል፤ ጨርሶ ግን አይተውም። በአራተኛው ሳምንት ተረከዙን አመመው። ለካ ጫማው ለፔዳል እንጂ ለእግር ጉዞ አልተሠራም። ሶሉ ወፈር ያለ ሸራ ጫማ መሪው ሥር ማስቀመጥ ለፔዳል አደገኛ ስለሆነ፣ ከወንበሩ ጀርባ ማኖር ጀመረ።

ሁለት ወር ተራምዶ የቀነሰው አንድ ኪሎ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሒሳቡን ላየው ግን አይደንቅም። በእሱ ክብደት ግማሽ ሰዓት መራመድ ከመቀመጥ በላይ የሚያቃጥለው 130 ካሎሪ ገደማ ነው። ሻይና ለስላሳው የሚያስገቡት ከዚያ እጥፍ በላይ ነበር። ለስላሳውን በውሃ ተካ፤ ውሃውን ሽንት ቤት ያለበት ተርሚናል ሲደርስ ይጠጣዋል። ሻዩን ግን በአንድ ጊዜ አላመረረውም፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሰ ወደ አንድ ማንኪያ አወረደው።

ከዚያ ሚስቱ ምሳ ዕቃ ትቋጥርለት ጀመር፦ አንድ እንጀራ፣ ምስር ወይም ሽሮ፣ ጎመን። ስድስት ሰዓት ላይ ስለሚበላ ማታ እንደ ድሮው አይስገበገብም። የከበደው ትሪው ነበር። ከጋራ ትሪ ሲበላ ስንት እንደበላ አያውቅም፤ ልጆቹ ያቆማሉ፣ እሱ የቀረውን ያነሳል። ለብቻው ሳህን ይቅረብልኝ ሲል ሚስቱ፣ «ደግሞ ከእኛ ጋር መብላት አስጠላህ?» ብላ ተቀየመች። ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፦ ከትሪው አብሯቸው ይበላል፤ ነገር ግን ፊቱ ያለችው እንጀራ ካለቀች አይጨመርለትም። ጉርሻ ግን አይመለስም። እኔም ትክክል ነው እላለሁ፤ ሁለት ጉርሻ ማንንም አላወፈረም።

በፋሲካ ሁለት ቀን ውስጥ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ጨመረ። ደነገጠ። ያ ሁሉ ስብ ሊሆን አይችልም፤ ለአንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ትርፍ ያስፈልጋል። የጨመረው በአብዛኛው ከጨው ጋር የቆየ ውሃና ገና ያልወጣ ምግብ ነው፤ በሳምንቱ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ሳምንት አንዴ ጠዋት፣ ሳይበላ ነው። ወገቡን ደግሞ በወር አንዴ በሜትር ይለካል። ሚዛኑ ለሦስት ሳምንት ተገትሮ ሲቆም፣ የወገቡ ልክ ሁለት ሳንቲሜትር ቀንሶ የተገኘበት ወር ነበር።

በአሥረኛው ወር 88 ኪሎ፣ ወገቡም 103 ሆነ። ሱሪውን ለማስጠበብ ያንኑ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደ። ሰፊው ስፌቱን አስገብቶ ሲጨርስ የተረፈውን ጨርቅ ሳይቆርጥ ወደ ውስጥ አጠፈው።

«ለምን አልቆረጥከውም?» አለው ሾፌሩ።

«ጋሼ፣ ገና እኮ ገና አልመጣም» አለው፤ የበዓሉን ገና ማለቱ ነው።