በ40 ብር የተገዛ ቲማቲም ለምን በ60 ይሸጣል?

ከአትክልት ተራ ቲማቲም በኪሎ 40 ብር ሒሳብ የገዛ ባለሱቅ፣ ያንኑ ቲማቲም ሰፈሩ ወስዶ በ60 ብር ሲሸጥ ደንበኛው ዋጋው የግማሹን ያህል ተጨመረብኝ ይላል። ባለሱቁ ደግሞ የምጨምረው 20 በመቶ ብቻ ነው ብሎ ይምላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው ከመቶኛው ላይ ሳይሆን መቶኛው ከሚሰላበት ገንዘብ ላይ ነው።

የስሌቱ መልክ ቀላል ነው። ዕቃው የወጣበት ገንዘብ ይያዛል፣ የተወሰነው መቶኛ ይሰላል፣ ይደመራል። 50 ብር የወጣበት ዕቃ ላይ 20 በመቶ ሲጨመር 10 ብር ይሆንና መሸጫው 60 ብር ይመጣል። በአጭሩ ለመሥራት የፈለገ 50ን በ1.20 ያባዛል። ሳሙና ወይም ክብሪት ለሚሸጥ ሰው ጉዳዩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል፤ 50 ሳሙና የገዛ ብዙውን ጊዜ 50 ሳሙና ይሸጣልና። አትክልት ግን እንዲህ አይደለም። የተገዛው ኪሎና የሚሸጠው ኪሎ እኩል ሆነው አያውቁም።

አንድ ባለሱቅ ቲማቲም የገዛበትን ቀን እንውሰድ። ዋጋዎቹ ሒሳቡን ለመከተል እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ባለሱቁ የሳጥኖቹ ክብደት ተቀንሶ የተጣራ 50 ኪሎ ቲማቲም በ40 ብር ይገዛል፤ 2000 ብር ይከፍላል። ለጫኝና አውራጅ እንዲሁም ለመኪና 200 ብር ያወጣል። ጠቅላላ ወጪው 2200 ብር ደረሰ ማለት ነው። ከመቂ ወይም ከባቱ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ቲማቲም ግን በመንገድ ተደራርቦ፣ ተገጫጭቶ ነው የሚደርሰው። ሳጥኑ ሲገለበጥ ከታች የተጨፈለቀው ይወጣል፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ የተሰነጠቀው ውኃ መልቀቅ ይጀምራል። በዚህ መልክ 6 ኪሎው ቢጣል ለሽያጭ የሚቀረው 44 ኪሎ ነው።

እንግዲህ 2200 ብሩ የሚካፈለው ለ50 ሳይሆን ለ44 ነው። አንድ የሚሸጥ ኪሎ የወጣበት ገንዘብ 50 ብር ይሆናል። 20 በመቶው የሚሰላው ከዚህ ላይ ነው፤ መሸጫው 60 ብር። 44 ኪሎው በሙሉ በዚህ ዋጋ ከተሸጠ 2640 ብር ይገባል፣ ትርፉም 440 ብር ነው። ይህም ከ2200 ብር ልክ 20 በመቶው ነው።

ደረሰኝ ላይ ካለው 40 ብር ተነስቶ 20 በመቶ የሚጨምር ባለሱቅ በ48 ብር ይሸጣል። በየኪሎው 8 ብር እያተረፈ ይመስለዋል፤ ሰልፉም ከጎረቤቱ ሱቅ ይረዝማል። ሳጥኑ ሲያልቅ ግን ከ44 ኪሎ የሰበሰበው 2112 ብር ነው። 88 ብር ከስሯል። ይህ ኪሳራ ቶሎ አይታይም፤ ምክንያቱም በየቀኑ እጅ ላይ ገንዘብ አለ። የሚታወቀው ባለሱቁ ተመልሶ ያንኑ ያህል ቲማቲም ሊገዛ ሲሄድ ነው፤ ዋጋው ሳይጨምር ገንዘቡ ይጎድለዋል።

ሌላው ገንዘብ የሚበላ ስሕተት የሚፈጠረው ማታ፣ መሳቢያው ሲቆጠር ነው። ባለሱቁ የጨመረው 20 በመቶ ስለሆነ ከሽያጩም 20 በመቶው ትርፍ ነው ብሎ ያስባል። ከ2640 ብር 20 በመቶ 528 ብር ነው፤ እውነተኛው ትርፍ ግን 440። ለቤት ወጪ ብሎ 528 ብር ካነሳ 88 ብሩ የወሰደው ከዋናው ገንዘብ ነው። በወጪ ላይ የተጨመረ 20 በመቶ ከሽያጩ ሲታይ አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። ከሽያጩ 20 በመቶ እንዲቀረው የሚፈልግ ሰው 50 ብሩን በ0.80 ያካፍላል፤ መሸጫው 62.50 ብር ይሆናል። ይህ ደግሞ በወጪው ላይ 25 በመቶ መጨመር ነው።

በዚሁ ምክንያት ቅናሽም ያታልላል። 20 በመቶ ጨምሬ 20 በመቶ ብቀንስ በገዛሁበት ሸጥኩ የሚል ባለሱቅ ከ60 ብሩ 12 ብር ቀንሶ በ48 ይሸጣል፤ በየኪሎው 2 ብር ይጎድለዋል። ሲጨምር ያሰላው ከ50 ነበር፤ ሲቀንስ ያሰላው ከ60 ነው።

አትክልት ደግሞ ቅናሽ ሳይደረግበት አያልቅም። የላላው ቲማቲም ለወጥ ይሆናል ተብሎ ለብቻው ይለያል። ከ44 ኪሎው 10 ኪሎው በ40 ብር ቢሸጥና የቀረው በ60 ቢሄድ የሚገባው 2440 ብር ነው፤ ትርፉ ወደ 240 ብር፣ ማለትም ወደ 11 በመቶ ገደማ ይወርዳል። 20 በመቶውን ማስጠበቅ የፈለገ ከመነሻው መልሶ ማስላት አለበት፦ ከ2640 ብር የላላው የሚያመጣውን 400 ብር ይቀንሳል፣ የቀረውን 2240 ብር ለ34 ኪሎ ያካፍላል። መልሱ 66 ብር ገደማ ነው። ጥሩው ቲማቲም የላላውን ቅናሽ ይሸከማል ማለት ነው። ገበያው 66 ብር ካልከፈለ ግን ስሌቱ ገዢ አያመጣም፤ ያኔ የሚቀነሰው መቶኛው ነው።

የመጓጓዣ ወጪም በዚሁ መንገድ ዋጋው ውስጥ ይገባል። በፒያሳና በመርካቶ መካከል የነበረው የአትክልት ተራ የጅምላ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ሄዷል። በሸክምና በጋሪ ያስጭን ለነበረ የፒያሳ ባለሱቅ ይህ የመኪና ወጪ ማለት ነው። በምሳሌያችን ላይ ተጨማሪ 88 ብር ለመኪና ቢወጣ በ44 ኪሎ ሲካፈል 2 ብር ይመጣል፤ የመሸጫው ዋጋ ግን የሚጨምረው 2.40 ብር ነው፣ 20 በመቶው በመጓጓዣውም ላይ ስለሚሰላ። አንዳንድ ባለሱቆች ይህን ትተው መጓጓዣውን ያለ ትርፍ ይደምራሉ። ለደንበኛው የተሻለ አሠራር ነው፤ ለመኪና የተከፈለው ገንዘብም ተይዞ የሚቆይ መሆኑን ግን አይቆጥርም።

ከዚህ ሁሉ ለመገመት የሚያስቸግረው የሚጣለው መጠን ነው። መፍትሔው ሚዛኑ ራሱ ላይ አለ፦ የሚጣለውን ከመጣል በፊት መዝኖ፣ ከተገዛው ኪሎ አጠገብ ደብተር ላይ መጻፍ። ለጥቂት ሳምንታት የተጻፈ ደብተር ለቲማቲም ስንት፣ ለሽንኩርት ስንት እንደሚጣል ይለያል። 50 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በዚያው 40 ብር ተገዝቶ፣ 200 ብር መጓጓዣ ወጥቶበት፣ 2 ኪሎ ብቻ ቢጣል 2200 ብሩ ለ48 ኪሎ ይካፈላል። የአንዱ ኪሎ ወጪ 45.83 ብር፣ መሸጫው 55 ብር። ከቲማቲሙ 5 ብር ያንሳል፤ የተገዛበት ዋጋም፣ የተጨመረው መቶኛም አንድ ሆኖ ሳለ። ሽንኩርቱ ከርሞ ማቆጥቆጥ ሲጀምር 48 የነበረው ቁጥር ይወርዳል፤ 55 ብሩም እንደገና ይሰላል።