ዕቃ የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው



ፍሪጅ ወይም ቴሌቪዥን ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «መብራት ጠፍቶ ተቃጠለ» የሚል ነው። መብራት በጠፋበት ሰዓት ግን ሽቦው ውስጥ ዕቃ የሚጎዳ ነገር የለም። ጉዳቱ የሚደርሰው ወይ መብራቱ ተመልሶ በሚመጣባቸው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ወይ ደግሞ መብራቱ ሳይጠፋ ቮልቴጁ ከልኩ ሲያልፍ ነው። ሁለቱ የተለያየ ምክንያት ስላላቸው መከላከያቸውም ይለያያል። ሱቅ ገብቶ «ለመብራት የሚሆን መከላከያ ስጠኝ» ያለ ሰው ለሌላ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት ይዞ ሊመለስ ይችላል። የምህንድስና ተማሪዎች በመሆናችን ቤት በሄድን ቁጥር ይህን ጥያቄ ስለምንጠየቅ፣ ለሁላችሁም የሚጠቅም መስሎን ጽፈነዋል።

ከፍሪጅ እንጀምር። ፍሪጅ የሚያቀዘቅዘው ኮምፕሬሰሩ ጋዙን በአንድ በኩል አጥብቆ እየጨመቀ በሌላ በኩል እየሳበ ነው። መብራት ሲጠፋ በአንዱ ወገን የታመቀው ግፊት ይቀራል። ይህ ግፊት በቀጭኗ ቱቦ በኩል ቀስ ብሎ ወደ ሌላው ወገን አልፎ እስኪስተካከል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። መብራቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቢመለስ ሞተሩ ያን ሁሉ ግፊት ተቃውሞ መነሳት ያቅተዋል። ሳይሽከረከር ቆሞ ግን ከወትሮው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፤ ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሞተሩን ጥቅልል ሽቦ ያበስለዋል። ምልክቱን ጆሯችሁ ያውቀዋል፦ ፍሪጁ «እምም» ብሎ ያጉረመርማል፣ ከዚያ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያንኑ ይደግማል። «ቀጭ» የሚለው ኮምፕሬሰሩ ላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ነው። ይህን ስትሰሙ ፍሪጁን ነቅላችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። መከላከያው ደጋግሞ ከሠራ እሱም ይደክማል።

በረመዳን ከመግሪብ በፊት ባለው ሰዓት መብራት ሄድ መለስ ሲል ችግሩ ይብሳል። የሰፈሩ ምጣድና ምድጃ ሁሉ እንደተሰካ ስለሚቆይ መብራቱ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጎትታል፤ ቮልቴጁም ዝቅ ብሎ ይመጣል። ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ደግሞ ቀድሞውንም መነሳት ያቃተውን ሞተር ይበልጥ ያዳክመዋል። ስለዚህ የፍሪጅ ዋና መድኃኒት መዘግየት ነው። ከግድግዳው ሶኬትና ከፍሪጁ መካከል የሚሰካ፣ መብራት ከመጣ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ጠብቆ የሚያሳልፍ ፕሮቴክተር ያስፈልገዋል። ለቴሌቪዥን ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ 30 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው የሚጠብቁት። ከውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጊዜ ሳታነቡ አትግዙ።

የጠፋው ኒውትራል

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም አይታወቅም፤ ዕቃ ሲፈጅ ግን በአንድ ሌሊት የአንድ ሕንፃ ቴሌቪዥኖችን በሙሉ ሊጨርስ ይችላል። ወደ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት በሁለት ሽቦ ይመጣል፤ አንዱ ፌዝ ሌላው ኒውትራል ነው። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር የሚወጡት ግን ሦስት ፌዞችና አንድ የጋራ ኒውትራል ናቸው። በኮንዶሚኒየም ወይም በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ቤቶች በሦስቱ ፌዞች ላይ ተከፋፍለው ኒውትራሉን ይጋሩታል። በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት ሲኖር በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ቮልት አለ። የሁሉም ቤት ከረንት መመለሻ ኒውትራሉ ስለሆነ፣ እሱ በደህና እስከታሰረ ድረስ እያንዳንዱ ቤት ድርሻው የሆነውን 220 ብቻ ያገኛል።

አሁን ይህ የጋራ ኒውትራል በዝገት፣ በላላ ብሎን ወይም በነፋስ ተበጠሰ እንበል። ለማቅለል በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ሁለት ቤቶችን ብቻ እንውሰድ። በመጀመሪያው ቤት 3500 ዋት ምጣድ ተጥዷል። በሁለተኛው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ አሉ፤ ባንድ ላይ 200 ዋት ይሁኑ። መመለሻው ስለጠፋ ከረንቱ ከአንዱ ፌዝ ተነስቶ በምጣዱ አልፎ፣ በቴሌቪዥኑና በፍሪጁ በኩል ወደ ሌላው ፌዝ ይሄዳል። ሁለቱ ቤቶች ሳያውቁት 380 ቮልቱን ሊካፈሉ ነው።

አከፋፈሉ እንደ ሬዚስታንሳቸው ነው። የምጣዱ ሬዚስታንስ 220 በ220 ተባዝቶ ለ3500 ሲካፈል ወደ 14 ኦም ይሆናል። የሁለተኛው ቤት በዚሁ ስሌት 242 ኦም ነው። ድምሩ 256 ሲሆን 380 ለ256 ሲካፈል 1.48 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ይህ ከረንት በምጣዱ ላይ ወደ 21 ቮልት፣ በቴሌቪዥኑና በፍሪጁ ላይ ወደ 359 ቮልት ያሳርፋል። ኤሌክትሮኒክስ እንደ ምጣድ ቀጥተኛ ሬዚስታንስ ስላልሆነ ቁጥሩ በተግባር ይለዋወጣል፤ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው። ብዙ የሚጎትተው ቤት ምጣዱ አልሞቅ ይለዋል፣ ጥቂት የሚጎትተው ቤት ዕቃው ይፈነዳበታል። ምንም ያላጠፋው፣ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ከፍቶ የተቀመጠው ነው ዋናው ተጎጂ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ምን ይሆናል? መጀመሪያ የሚቀበለው ክፍል ተለዋዋጩን ከረንት ወደ ቀጥተኛ ለውጦ በአንድ ትልቅ ካፓሲተር ያጠራቅመዋል። ካፓሲተሩ የሚሞላው እስከ ሞገዱ ጫፍ ነው፤ ጫፉም የምንጠራው ቮልት በ1.41 ሲባዛ ነው። በደህናው ቀን 220 ሲባዛ 310 ገደማ ይሆናል። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው ገደብ ብዙውን ጊዜ 400 ወይም 450 ቮልት ስለሆነ ይችለዋል። 359 ሲባዛ ግን ከ500 ያልፋል። ተከፍቶ የምናየው የተቃጠለ ቦርድ ላይ አናቱ ያበጠው ወይም የተሰነጠቀው ሲሊንደር ይህ ነው።

ምልክቱ መለየት ይቻላል። አንዱ ቤት አምፖሉ ከልክ በላይ ሲያበራና ማራገቢያው ሲጮህ ጎረቤቱ ጋ ድንግዝግዝ ካለ፣ ወይም እናንተ ምጣድ በሰካችሁ ቁጥር የሌላው ቤት መብራት ከደመቀ፣ ኒውትራሉ ላልቷል ወይም ሊበጠስ ነው። ዕቃ በየተራ ለመንቀል አትሩጡ፤ መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ ከዚያ ጎረቤት ቀስቅሱ፣ ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውሉ። ምሰሶና የቆጣሪ ሳጥን ግን እንዳትነኩ። የተበጠሰ ኒውትራል «ኒውትራል» ስለተባለ ብቻ የማይነዝር አይደለም።

ምን እንግዛ?

ብዙ ሰው የሚገዛው «ሰርጅ» የተጻፈበት ዲቫይደር ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ክብ ዲስክ የምትሠራው ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ቅጽበት ለሚያልፍ ብልጭታ ነው። 359 ቮልት ለደቂቃዎች ሲቆይባት ግን ራሷ ትግላለች፣ አንዳንዴም ፕላስቲኩን ታቀልጣለች። ግራውንድ በሌለው ሶኬት ላይ ደግሞ ሥራዋ ግማሽ ነው። ክፉ ነው አንልም፤ ለዚህ በሽታ ግን አይደለም።

ስታብላይዘርም ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይገዛል። የእሱ ሥራ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ጥቂት ከፍ ያለውን ዝቅ ማድረግ ነው። ማታ ማታ 170 ቮልት በሚደርስበት ሰፈር ለፍሪጅ ይጠቅማል፤ ሞተሩ ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ለ150 ዋት ፍሪጅ ከ1000 ቪኤ ያላነሰ እንድትወስዱ እንመክራለን። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር ግን አያስፈልገውም። ጀርባው ላይ 100-240V የሚል ካነበባችሁ 170 ቮልት ምኑም አይደለም፤ የሚፈራው ወደ ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ኒውትራል ሲጠፋ የሚያድነው የሚያስተካክል ሳይሆን የሚቆርጥ ዕቃ ነው። ከዋናው ብሬከር ቀጥሎ በሳጥኑ ውስጥ የሚገባ፣ ቮልቱን በቁጥር የሚያሳይ፣ ገደብ ሲያልፍ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ቤቱን በሙሉ የሚያጠፋ ፕሮቴክተር ይሸጣል። የላይኛውን ገደብ 250፣ የታችኛውን 180፣ መዘግየቱን ደግሞ 180 ሰከንድ አድርጉት። ይህ መዘግየት ፍሪጁንም ያድነዋል፤ አንድ ዕቃ ሁለቱን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ማታ ቮልቴጁ ወደ 170 የሚወርድበት ሰፈር ከሆነ ግን የታችኛውን 160 አድርጋችሁ ለፍሪጁ ስታብላይዘር ጨምሩለት፤ አለበለዚያ ቤቱ እየጠፋ እየበራ ያስቸግራችኋል። የአምፔር መጠኑ ከፊቱ ካለው ብሬከር ያላነሰ ይሁን። ምጣዱ ብቻውን 16 አምፔር ስለሚስብ በዚህ አትቆጥቡ። ማሰሩን ለባለሙያ ተዉት፤ ላልታ የቀረች ብሎን በምጣዱ ከረንት ግላ ሳጥኑን ታቃጥላለች።

ተከራይታችሁ የምትኖሩ ሳጥን መክፈት ስለማትችሉ፣ በሶኬት የሚሰካውንና ከፍተኛ ቮልት ሲመጣ የሚቆርጠውን ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ለየብቻ ግዙ፤ ምጣድ ግን አትሰኩበት። ገበያው ላይ መብራቱ ብቻ የሚበራ ባዶ ፕላስቲክም ስላለ ሻጩ ፊት ፈትኑት። አምፖል ሰክታችሁ ሶኬቱን አጥፍታችሁ አብሩና በሰዓት ቁጠሩ። በቁጥር የሚያሳይ ከሆነና ካሁኑ ንባብ በታች የላይኛውን ገደብ ማውረድ የሚፈቅድ ከሆነ አውርዱት፤ ወዲያው ካልቆረጠ መልሱለት።

ከእነዚህ አንዳቸውም ቅርብ የወደቀ መብረቅን አይችሉም። ነጎድጓድ ሲሰማ የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን የዲሹን ገመድም ከሪሲቨሩ ንቀሉ፤ ብዙ ሪሲቨር የሚሞተው በዚያ በኩል ነው።

ስለ መስጂድ አምፕሊፋየር የጠየቃችሁን ወንድሞች፣ ለእሱም የሚበጀው በሶኬት የሚሰካው ቆራጭ ነው፤ 30 ሰከንድ መዘግየት ይበቃዋል። ተራዊሕ መሐል ድምፅ እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አምፕሊፋየሩን ከኋላ ተመልከቱት። ብዙዎቹ የ12 ወይም የ24 ቮልት ባትሪ መግቢያ አላቸው። ካለው በተጻፈው ቮልት ልክ የሆነ ባትሪ ፕላስና ማይነሱን ሳታዛንፉ እሰሩለት፤ ከባትሪው ፕላስ አጠገብ ፊውዝ አስገቡ፣ ባትሪውንም አየር በሚገባበት ቦታ አስቀምጡት።