ሌክሰስ ለምን ቶዮታ አልተባለም?

ቪትዝ፣ ኮሮላና ላንድክሩዘር በመንገዳችን ሲያልፉ የምንጠራቸው በየራሳቸው ስም ነው። ሦስቱም ግን የቶዮታን ምልክት ይዘዋል። ቪትዝ የሚገዛ ሰው ልቡ የሚረጋው ቶዮታ ለዓመታት ባተረፈው አመኔታ ነው። በአንድ ዋና ስም የሚሠራ ኩባንያ አዲስ ሞዴል ባወጣ ቁጥር ራሱን እንደ አዲስ ማስተዋወቅ አይኖርበትም።

ታዲያ ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤል ኤስ 400ን አሜሪካ ውስጥ ሲያቀርብ ለምን ሌክሰስ አለው? መኪናው የተሠራው ከመርሴዲስና ከቢኤምደብሊው ጋር ሊፎካከር ነበር። ለአሜሪካዊው ግን ቶዮታ ማለት ነዳጅ ቆጣቢና ወጪው የማይከብድ መኪና ነው። ስሙ መልካም ነው፤ የቅንጦት መኪና ፈላጊው መስማት የሚፈልገውን ግን አይናገርም። ስለዚህ አዲስ ስም ብቻ ሳይሆን ለብቻው መሸጫና መስተንግዶም ተዘጋጀለት።

አዲስ ስም ደግሞ ቀድሞ ያጠራቀመው አመኔታ የለውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጥቂት ጉድለቶች ተገኝተው 8,000 ያህል መኪኖች ለጥገና ተጠሩ። ሌክሰስ መኪኖቹን ከየባለቤቱ ደጅ አስወስዶ፣ አስጠግኖና አሳጥቦ መለሰ። ገና የጀመረ ስም ላይ የመጀመሪያው ስህተት ምን ያህል እንደሚከብድ በሚገባ ተረድተው ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያው መኪና በጃፓን እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ይሸጥ የነበረው ቶዮታ ሴልሲዮር ተብሎ ነው። እዚያ ቶዮታ ራሱ ክራውንን የመሰሉ የተከበሩ መኪኖች ስለነበሩት ስሙ ለባለሥልጣኑም አያንስም ነበር። ውሳኔውን የለየው ስሙ በየአገሩ ገዢ ጆሮ የሚሰጠው ትርጉም ነው።

ቶዮታ በ2003 ለአሜሪካ ወጣቶች ሳዮን የሚል ስም ሲያወጣ ግን አልቀናውም። መኪኖቹ የሚሸጡት እዚያው በቶዮታ መሸጫዎች ነበር። በ2006 ከ170,000 በላይ የነበረው ሽያጭ በ2015 ወደ 56,000 ወረደ፤ በ2016 ስሙ ተዘጋ። ኩባንያው ያኔ ሲያስረዳ ወጣቶቹም እንደ ወላጆቻቸው ቶዮታን እንደሚያደንቁ ተናገረ። የሳዮን የስፖርት መኪና ኤፍአር-ኤስም ቶዮታ 86 ተብሎ ቀጠለ።

በዱቄትና በብስኩት የሚታወቅ ፋብሪካ ሳሙና ሊጀምር አሰበ እንበል። ለዱቄትና ለብስኩት አንድ ስም ይበቃል፤ ገዢው በሁለቱም የሚፈልገው ንጹሕ እህል ነው። ሳሙናው ላይ ያው ስም ቢጻፍ ግን ብስኩቱ ሳሙና ሳሙና ሊሸት ይችላል፤ በአፍንጫ ባይሆን በሐሳብ። ይህን በግምት ከመወሰን አንዱን ሳሙና በሁለት መጠቅለያ፣ አንዱን በዱቄቱ ስም ሌላውን በአዲስ ስም፣ ጥቂት ሱቆች ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው እንደሚነሣ መቁጠር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አዲሱ ስም የሚጠይቀውን የማስታወቂያ ወጪ አይመልስም።