አህያ ለምን በሌሊት ያናፋል? ሲገፋስ ለምን እግሩን ይተክላል?

አህያ ባልታሰበ ሰዓት ጮክ ብሎ ያናፋል፤ ሂድ ሲባል ደግሞ አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ይቆማል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ከሞኝነት፣ ሁለተኛውን ከግትርነት ይቆጥረዋል። ይሁንና ሁለቱም ልማዶች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ ይኸውም የአህያ ቅድመ አያቶች የኖሩበት ደረቅና ድንጋያማ ምድር ነው።

የቤት አህያ የአፍሪካ የዱር አህያ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ የዘረ መል ጥናት እንዳመለከተው፣ እንስሳው ለማዳ የሆነው ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ነው። የዱር አህያ ዛሬም በአፋር ደናክልና በኤርትራ በረሃማ አካባቢዎች ይገኛል፤ ቁጥሩ ግን እጅግ ከመመናመኑ የተነሣ ለመጥፋት ተቃርቧል። በእንዲህ ያለ ምድር ሣሩ ስስና የተበታተነ፣ ውኃውም ሩቅ ነው። አንድ ትልቅ መንጋ በአንድ ቦታ ቢሰፍር ግጦሹን ወዲያው ይጨርሰዋል። ስለዚህ የዱር አህዮች እንደ ፈረስ በአንድ መንጋ ተጠቃልለው አይኖሩም። ዘላቂ ትስስር ያላቸው እናትና ውርንጭላዋ ናቸው። ጎልማሳው ወንድ ብዙ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ክልል ይዞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይውላል። እንስቶቹም በትንንሽ ቡድን ሆነው ይገናኛሉ፣ መልሰውም ይለያያሉ።

እንዲህ ተራርቆ የሚኖር እንስሳ ከወገኑ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ያስፈልገዋል። ፈረስ ጎረቤቱን በዓይኑ ስለሚያየው ዝቅ ያለ ድምፅ ይበቃዋል። አህያ ግን ከኮረብታ ማዶ ላለ ወገኑ መሰማት አለበት። የአህያ ማናፋት ነገሩ ሲመች እስከ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። ይህን ያህል ኃይል የሚያገኘው ድምፁን በሁለት አቅጣጫ ስለሚያወጣው ነው። ፈረስ የሚያሽካካው አየር ሲያስወጣ ብቻ ሲሆን፣ አህያ ግን አየር ሲያስገባም ሲያስወጣም ይጮኻል። በማስገቢያው ጊዜ ቀጠን ያለው፣ በማስወጫው ጊዜ ወፍራሙና ጎርናናው ድምፅ ይሰማል። አንዱ ሌላውን እየተከተለ ስለሚደጋገም ጩኸቱ ሳይቋረጥ ይረዝማል። አጠገቡ ቆሞ ያየው ሰው እንደሚያስተውለው አንገቱን ይዘረጋል፣ አፉን ይከፍታል፣ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይኮማተራል። የእያንዳንዱ አህያ ድምፅ በቅጥነቱ፣ በርዝመቱና በአደጋገሙ ከሌላው ይለያል። ባለቤት የራሱን አህያ ከጎረቤት አህያ ሳያየው የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጩኸቱ በሌሊትና በንጋት የሚጎላበት ምክንያት ደግሞ ከፊሉ በአህያው፣ ከፊሉ በአየሩ ላይ ነው። ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከመሬት ጋር የተጠጋው አየር ከላዩ ካለው የበለጠ ይሞቃል። በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ ድምፅ ወደ ላይ እየታጠፈ ከመሬት ይርቃል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ከሥር ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ይበርዳል፣ ድምፁም ወደ መሬት ታጥፎ ይመለሳል። ነፋሱ ጋብ ስለሚልና የሰውና የተሽከርካሪ ጫጫታ ስለሚቀንስ፣ ቀን ላይ አንድ መንደር የማያልፈው ድምፅ ሌሊት ሸለቆ ይሻገራል። በዚያ ላይ አህያ ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛ እንስሳ አይደለም። በአጭር በአጭሩ ያሸልባል፣ በመካከሉ ነቅቶ ያዳምጣል። ከሩቅ አንድ አህያ ሲያናፋ ከሰማ ይመልሳል፤ ሦስተኛውም ይቀበላል። በአንድ መንደር ሌሊት ላይ ጩኸቱ ከበረት ወደ በረት የሚዛመተው በዚህ ነው።

የሚያናፋበት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ወንዱ ክልሉን ለማሳወቅና ለእንስት ለመሰማት ያናፋል። እንስቷ በ23 ወይም በ24 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ስላላት፣ በእነዚያ ቀናት የአካባቢው ወንዶች ጩኸት ይበዛል። ሌላው ምክንያት መኖ ነው። አህያ የሚበላበትን ሰዓት በቶሎ ይለምዳል፤ ጎሕ ሲቀድ ጭድ የሚቀርብለት ከሆነ ሰዓቱ ሳይደርስ መጣራት ይጀምራል። ባለቤቱ ጩኸቱን ለማስቆም ተነሥቶ መኖ በሰጠው ቁጥር፣ አህያው ማናፋት ምግብ እንደሚያመጣ ይማራል፤ በማግስቱም ቀደም ብሎ ይጀምራል። መድኃኒቱ መኖውን ማታ ጨምሮ ማስቀመጥና ጠዋት ጩኸቱ ጋብ ካለ በኋላ ማቅረብ ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የመለያየት ጩኸት ነው። ለማዳ አህዮች አብረው ሲኖሩ ሁለት ሁለት እየሆኑ አጥብቀው ይላመዳሉ። አንደኛው ሲሸጥ ወይም ሲሞት የቀረው ቀንም ሌሊትም እየተመላለሰ ይጣራል፤ አንዳንዱም መኖ ይተዋል። ምግብ የተወ አህያ በተለይ የወፈረ ከሆነ ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ ወደ ደሙ ይለቃል። ይህም ጉበቱን ጎድቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ጓደኛውን ያጣ አህያ መብላቱን በየዕለቱ መከታተል ያስፈልጋል። በየጠዋቱ ያናፋ የነበረ አህያ ድንገት ዝም ማለቱም ከጩኸቱ ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል። አህያ ሕመሙን የሚደብቅ እንስሳ በመሆኑ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ጸጥ ማለቱ ብዙ ጊዜ መታመሙን የሚያሳውቅ ቀዳሚ ምልክት ነው።

እግር መትከሉም ከዚያው ደረቅ ምድር የመጣ ነው። ፈረስ ሲደነግጥ የሚሮጠው ለጥ ባለ ሜዳ ላይ መሮጥ ስለሚያድነው ነው። ድንጋይና ገደል በበዛበት ቦታ ግን ሳያዩ መሮጥ እግር ያሰብራል፤ ብቻውን ለሚኖር እንስሳም አብሮት ሮጦ የሚከልለው መንጋ የለም። ስለዚህ አህያ አንዳች ነገር ሲጠራጠር መጀመሪያ ቆሞ ይመለከታል። ከዚያ በኋላ ያልፈዋል፣ ይሸሻል ወይም ይራገጣል። ሰው ግትርነት የሚለው ይህን ነገሩን የሚመዝንበትን ጊዜ ነው።

በክረምት ከገበያ የሚመለስ አንድ አህያ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ጠዋት ሲሄድ ደርቆ ያለፈው ቦይ ከሰዓት በኋላ በዝናብ ሞልቶ የደፈረሰ ውኃ ይወርድበታል። አህያው ዳር ሲደርስ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ውኃው ይዞራሉ። ጌታው ከፊት ገመዱን ይጎትታል፣ ሌላው ከኋላ በዱላ ይመታል። የሁለቱም ሥራ ነገሩን ያባብሳል። የአህያ ዓይኖች ግራና ቀኝ በመሆናቸው ከአፍንጫው ሥር ያለውን ቦታ አያይም፤ የደፈረሰ ውኃ ጥልቀትንም መለየት አይችልም። እግሩ የሚያርፍበትን ለማወቅ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ማየትና ማሽተት አለበት። ገመዱ ሲጎተት ግን ጭንቅላቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ማየት የፈለገውም ይጋረድበታል። ከኋላ የሚያርፈው ዱላ ደግሞ ሁለተኛ ስጋት ይሆንበታል። ከፊትም ከኋላም መውጫ ሲያጣ የሚቀረው ድርቅ ብሎ መቆም፣ መተኛት ወይም መራገጥ ነው።

የሚያዋጣው መንገድ ገመዱን ማላላት፣ ዱላውን መተውና ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው። አህያው ጭንቅላቱን አውርዶ ውኃውን ያሸታል። የሚያውቀው አህያ ካለ እሱን አስቀድሞ ማሻገር ይረዳል። ሥሩ የሚታይ ጠፍጣፋ መሻገሪያ በቅርብ ካለ ወደዚያ መውሰድ ይሻላል። ገመዱ በቀስታ ተወጥሮ አህያው አንድ እርምጃ እንደተራመደ ወዲያው መላላት አለበት፤ መራመድ ዕረፍት እንደሚያስገኝ የሚማረው በዚያች ቅጽበት ነው። በአንጻሩ እየተደበደበ የተሻገረበትን ቦታ አይረሳም፤ በሚቀጥለው ገበያ ቦዩ ገና ሳይደርስ ይቆማል።

ሁሉም መቆም ግን ከፍርሃት አይመጣም፤ ሕመምም ያቆማል። ሁለቱን መለየት ይቻላል። የፈራ አህያ የሚቆመው በአንድ ቦታ ወይም በአንድ ነገር ፊት ነው፤ ጆሮውና ዓይኑ ወደዚያ ያተኩራሉ፤ ነገሩ ሲወገድ ይሄዳል። ያመመው ግን የትም ይቆማል፤ ጆሮው ወደ ጎን ይወድቃል፣ እርምጃው ያጥራል፣ መጫኛው ሲጠብቅ ይሸማቀቃል።

በዚህ ጊዜ ቀዳሚው ሥራ ጭነቱን ማውረድ ነው። ባዶውን ደህና ከተራመደ ችግሩ ከሸክሙ ወይም ከጀርባው ነው ማለት ነው። ደልዳሉ ተነሥቶ ጫንቃውና አከርካሪው በእጅ መዳሰስ አለባቸው። እርጥብ ገጣባ፣ እብጠት፣ ወይም በአሮጌ ቁስል ላይ የበቀለ ነጭ ጠጉር ከተገኘ ደልዳሉ እንደሚፍቀው ያመለክታል። በጅራቱ ሥር የሚያልፈው ገመድም ቆዳውን ቆርጦት ሊሆን ይችላል። ባዶውንም ካነከሰ ሰኮናው ይታያል፤ የተወተፈ ጠጠር፣ ከልክ በላይ ያደገ ሰኮና ወይም ትኩሳት ሊኖረው ይችላል።

ጀርባውም እግሩም ደህና ከሆነ የሸክሙ ልክ ይመረመራል። ለአህያ የሚመከረው ጭነት ከክብደቱ ሢሶ ያልበለጠ ነው። 120 ኪሎ የሚመዝን አህያ 40 ኪሎ ያህል ይሸከማል ማለት ነው። አንድ ኩንታል እህል የተጫነበት እንደሆነ ግን የራሱን ክብደት የሚጠጋ ሸክም ተሸክሟል። ሸክሙ ልኩን ያላለፈ ቢሆን እንኳ አንዱ ጎን ከሌላው ከከበደ በየእርምጃው ያንገዳግደዋል፤ ቁልቁለት ላይም ያስፈራዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ተረት ሳይሆን፣ እዚህ ጥፋቱ የዳውላው ሆኖ ዱላው የሚያርፈው በአህያው ላይ ነው።

እግሩን የተከለ አህያ ያየ ሰው ዱላ ከማንሣቱ በፊት ፊት ለፊቱ ያለውን ይመልከት፤ ከዚያ ጭነቱን አውርዶ ጀርባውንና ሰኮናውን ይዳስስ። አብዛኛውን ጊዜ አህያው የቆመበት ምክንያት ከእነዚህ በአንዱ ይገኛል።