ደንበኛ እየሄደበት ገቢው የሚጨምር ድርጅት

አንድ ድርጅት ዓመቱን በ100 ደንበኞች ጀመረ እንበል። ዓመቱ ሲያልቅ 18ቱ ጥለውት ሄደዋል። በመሃል የመጡ አዳዲስ ደንበኞችን ጨርሶ አንቁጠራቸው። ያም ሆኖ 82ቱ ብቻ የሚከፍሉት ገንዘብ መቶው በነበሩ ጊዜ ይከፈል ከነበረው ይበልጣል። ቀልድ ይመስላል እንጂ በወርሃዊ ክፍያ ሶፍትዌር ለሚሸጡ ድርጅቶች የተለመደ ነገር ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን የገባው ሰው ግሮስ ቸርን እና ኔት ሬቨኒዩ ሪቴንሽን የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ለምን እንደሚለያዩም ገብቶታል ማለት ነው።

ግሮስ ቸርን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ላይ ከነበረን ገቢ ምን ያህሉ ጠፋ? ጠቅልሎ የሄደ ደንበኛ ይከፍል የነበረው በሙሉ ይቆጠራል፤ ሳይሄድ ወደ ርካሹ ጥቅል የወረደ ደንበኛ የቀነሰውም ይጨመርበታል። ክፍያውን ያሳደገ ደንበኛ ግን እዚህ ስሌት ውስጥ ጥፋቱን ማካካስ አይችልም። ኔት ሬቨኒዩ ሪቴንሽን፣ ከዚህ በኋላ ኤንአርአር ልበለው፣ የጠፋውን ቀንሶ የጨመረውን ደምሮ፣ እነዚያው የድሮ ደንበኞች ዛሬ የሚከፍሉት መጀመሪያ ይከፍሉት ከነበረው ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግረናል። ስለዚህ ከ100 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። አዲስ ደንበኛ በሁለቱም ውስጥ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ድርጅታችን የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ይሸጣል። ጃንዋሪ 2024 ላይ 90 ትናንሽ ደንበኞች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው በወር 300 ዶላር ይከፍላሉ። 10 ትልልቆችም አሉ፤ እነሱ በነፍስ ወከፍ 2,300 ዶላር ይከፍላሉ። ከትናንሾቹ 27,000፣ ከትልልቆቹ 23,000፣ በድምሩ በወር 50,000 ዶላር ይገባል።

በዓመቱ ውስጥ 18 ትናንሽ ደንበኞች ሄዱ፤ 5,400 ዶላር ይዘው ማለት ነው። አንድ ትልቅ ደንበኛ ሠራተኛ ስለቀነሰ የተጠቃሚ ቁጥሩንም ቀነሰና ክፍያው ከ2,300 ወደ 1,700 ወረደ። ተጨማሪ 600 ጠፋ። በሌላ በኩል ሦስት ትልልቅ ደንበኞች ሶፍትዌሩን ለሌሎች ቅርንጫፎቻቸውም ስላዳረሱት ክፍያቸው ወደ 5,300 ዶላር አደገ። እያንዳንዳቸው 3,000፣ በአንድ ላይ 9,000 ዶላር ጨመሩ ማለት ነው።

የጠፋው በድምሩ 6,000 ነው። ለ50,000 ስናካፍለው ግሮስ ቸርን 12 በመቶ ይሆናል። ለኤንአርአር ደግሞ ከ50,000 ላይ 6,000 ቀንሰን 9,000 ስንደምር 53,000 እናገኛለን፤ 106 በመቶ። ድርጅቱ፣ ደንበኞቹ፣ ዓመቱ አንድ ናቸው። አንዱ ቁጥር «ከገቢህ አሥራ ሁለት በመቶው አመለጠህ» ይላል፣ ሌላው «አድገሃል» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

እኔን የሚያስደስተኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። 106ቱን ከፈት አድርገን ውስጡን እንየው። ትናንሾቹ ከ27,000 ወደ 21,600 ወርደዋል፤ የእነሱ ብቻ ኤንአርአር 80 በመቶ ነው። የትልልቆቹ ግን ከ23,000 ወደ 31,400 ወጥቷል፤ ወደ 137 በመቶ ገደማ። ያደጉትን ሦስቱን ደንበኞች ብናወጣቸው የቀሩት 97 ከ43,100 ወደ 37,100 ወርደዋል፤ ይህም 86 በመቶ መሆኑ ነው። 106 በመቶ የሚለውን ቁጥር የተሸከሙት ሦስት ውሎች ናቸው ማለት ይቻላል። በሚቀጥለው ዓመት ከሦስቱ አንዱ ውሉን ባያድስ፣ አንድ ደንበኛ ብቻ 5,300 ዶላር ይዞ ይሄዳል፤ ከ53,000 አንድ አሥረኛው።

ለዚህ ነው ባለሀብት ፊት ኤንአርአር ብቻ ሲቀርብ ግሮስ ቸርኑን መጠየቅ የሚገባው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በሰፋ ቁጥር ዕድገቱ በጥቂቶች ላይ የመንጠልጠሉ ዕድል ሊጨምር ስለሚችል፣ ቀጣዩ ጥያቄ «ያደጉት ስንት ናቸው?» መሆን አለበት። ኤንአርአር ራሱም አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ነገር አይደለም። በአጠቃቀም ልክ የሚያስከፍለው የዳታ ኩባንያ ስኖውፍሌክ ጃንዋሪ 2022 መጨረሻ ላይ 178 በመቶ ብሎ ሪፖርት አድርጎ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 131 በመቶ አለ። እንዲህ ባለ አከፋፈል ደንበኛው ውል ማፍረስ አያስፈልገውም፤ አጠቃቀሙን ቆጠብ ካደረገ ቁጥሩ ይወርዳል።

ስሌቱን ከዳታቤዝ ላይ በራሳችሁ እጅ መሥራት ከፈለጋችሁ ሁለት ሠንጠረዥ ይበቃል፤ የዓመቱ መጀመሪያና የዓመቱ መጨረሻ፣ ከእያንዳንዱ ደንበኛ የሚገባው ወርሃዊ ክፍያ።

```sql
SELECT
  1 - 1.0 * SUM(LEAST(COALESCE(b.mrr, 0), a.mrr)) / SUM(a.mrr) AS gross_churn,
  1.0 * SUM(COALESCE(b.mrr, 0)) / SUM(a.mrr) AS nrr
FROM jan_2024 a
LEFT JOIN jan_2025 b ON b.customer_id = a.customer_id;
```

`LEAST` የሚሠራው ቀላል ነው፤ ደንበኛው ቢያድግም ከመጀመሪያ ክፍያው በላይ እንዳይቆጠርለት ጣሪያ ያበጅለታል። ጣሪያው ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለየብቻ መሆን አለበት። በድምሩ ላይ ብታደርጉት የሦስቱ ዕድገት የ18ቱን መሄድ ይውጠውና ግሮስ ቸርን ዜሮ ይወጣል።

`LEFT JOIN` የሚለው በ`INNER JOIN` ቢተካስ? የሄዱት 18 ደንበኞች ከአካፋዩም ይጠፋሉ። 53,000 ለ44,600 ይካፈልና ኤንአርአር ወደ 119 በመቶ ይዘላል። ስህተት የሚል መልእክት አይመጣም፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ሁሉም ይደሰታል። የ`COALESCE` ነገርም እንዲሁ ነው። ፖስትግሬስ ላይ `LEAST` ባዶ ዋጋን ዘሎ የቀረውን ስለሚወስድ፣ ከመጀመሪያው መስመር `COALESCE` ከጠፋ የሄደ ደንበኛ ሁሉ ሙሉ ክፍያውን እየከፈለ እንዳለ ይቆጠራል። ማረጋገጫው አጭር ነው፤ አካፋዩን ብቻውን አውጡትና ከጃንዋሪ 2024 ጠቅላላ ገቢ ጋር አስተያዩት፤ 50,000 ካልሆነ የሆነ ሰው ከመዝገብ ወጥቷል። ቀጥሎ ከሄዱት አንዱን መርጣችሁ የተያዘለት ክፍያ ዜሮ መሆኑን እዩ።

ስሌቱ በትክክል ተሠርቶም የማያየው ነገር አለ። ፌብሩዋሪ ላይ ገብቶ ኦክቶበር ላይ የወጣ ደንበኛ በጃንዋሪ 2024 መዝገብ ላይም በጃንዋሪ 2025 መዝገብ ላይም የለም። እሱን ለማምጣት የወጣው የማስታወቂያ ወጪ አለ፣ የከፈላቸው ወራት አሉ፣ የሄደበትም ምክንያት አለ፤ ግሮስ ቸርንም ኤንአርአርም ግን ስለ እሱ አያውቁም። እንዲህ ያሉ ደንበኞች የበዙበት ድርጅት ዓመታዊ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ገንዘቡ ግን የት እንደሚገባ ግራ ሊጋባ ይችላል። መፍትሔው ተመሳሳዩን ጥያቄ ከወር ወር ማስላት ወይም ደንበኞችን በገቡበት ወር መድቦ እያንዳንዱን ምድብ ለብቻው መከተል ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ከገቡት ደንበኞች በሦስተኛው ወር ስንቶቹ ቀሩ፣ በስድስተኛው ስንቶቹ? ብዙ ጊዜ መፍሰሱ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ዓመታዊው ስሌት የማያየውም በተለይ ይህን ነው።