ጉበቱ ለታመመ ሰው ከመኝታ በፊት የሚቀርብ ምግብ፤ «ሥጋና እንቁላል ከልክሉት» የሚለው ምክር ለምን ተሻረ?

በስደት በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ስለ ጉበት በሽታ በተነሣ ቁጥር ሁለት ምክሮች ይሰማሉ። አንደኛው ስለ መጠጥ ነው፤ እሱ ትክክል ነው። ምንም እንኳ ብዙ ወገኖቻችንን ለዚህ ያበቃቸው መጠጥ ሳይሆን የሄፓታይተስ ቫይረስ ቢሆንም፣ ጉበቱ የተጎዳ ሰው አልኮል ሊቀምስ አይገባውም። ሁለተኛው ምክር «ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አትስጡት፣ ራሱን ያስተዋል» የሚለው ነው። ይኸኛው ምክር ብዙ ሰው ጎድቷል፤ ዛሬም በየቤቱ እየጎዳ ነው።

የምናገረው ሐኪሞች ሲሮሲስ ስለሚሉት ሕመም ነው። ጉበት ለዓመታት ሲቆስል ጤናማው አካሉ በጠባሳ እየተተካ ይጠነክራል። ሕመሙ ሲገፋ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ እግር ያብጣል፤ አንዳንዱ ሕመምተኛ ደግሞ አእምሮው ይደነጋገራል። ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። እጁን ዘርግቶ መዳፉን ወደ ላይ ቀጥ አድርግ ሲሉት እጁ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገባል። የልጁን ስም ይረሳል፤ ሲብስም ራሱን ስቶ ይወድቃል።

ለዚህ ዋናው ተጠያቂ አሞኒያ ነው። የበላነው ፕሮቲን አንጀት ውስጥ ሲፈርስ አሞኒያ ይወጣል፤ ጤናማ ጉበት አሞኒያውን ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት እንዲወገድ ያደርጋል። የታመመው ጉበት ይህን ስለማይችል አሞኒያው ከደም ጋር ወደ አንጎል ይደርሳል። የቀድሞ ሐኪሞች «እንግዲያውስ ፕሮቲኑን እንቀንስ» ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ በወረቀት ላይ ያሳምናል፤ ግን አንድ ነገር ረስቷል።

የተረሳው ጡንቻ ነው። ጉበት ሲደክም አሞኒያን ከደም እየለቀመ ጉዳት ወደሌለው ነገር የሚለውጥ ሌላው ትልቅ አካል የእጃችንና የጭናችን ሥጋ ነው። ሕመምተኛው ፕሮቲን ሲከለከል ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ይበላል። ከፈረሰው ጡንቻ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያውን የሚለቅመው ጡንቻም ይሳሳል። በ2004 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከባርሴሎና የወጣ ጥናት አእምሯቸው ተደነጋግሮ ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን ፕሮቲን ቀንሶ፣ ለሌላው እንደ ደንቡ አበላ። ፕሮቲን የተከለከሉት ከሌሎቹ ቀድመው አልነቁም፤ ይልቁንም ጡንቻቸው ይበልጥ ፈረሰ። ጥናቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ የወጡት የአውሮፓና የአሜሪካ የጉበት ሐኪሞች መመሪያዎች ፕሮቲን አትከልክሉ በሚለው ይስማማሉ።

እዚህ ላይ አንድ የቅርብ ዘመዴን ልጥቀስ። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። ከሆስፒታል ሲወጡ በእጃቸው የተሰጣቸው ወረቀት ፕሮቲን ቀንሱ ይላል። ባለቤታቸው እትዬ ትእዛዙን አክብረው ቅቅል ድንች፣ ነጭ ሩዝና ሻይ ብቻ ማቅረብ ጀመሩ። ጋሼ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ትከሻቸውና ጭናቸው ግን ከስቶ፣ በሁለት ወር ውስጥ ከወንበር ለመነሣት ሁለት እጃቸውን መደገፍ ግድ ሆነባቸው። ሚዛን ላይ ሲወጡ 72 ኪሎ ስለሚያሳይ ቤተ ሰቡ አልከሱም ብሎ ይጽናና ነበር።

ቆይቶ ያገኘናት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራዋን የጀመረችው ከሚዛኑ ነው። «ይህ ክብደት ግማሹ ውኃ ነው» አለች በቀልድ። የሆዱ ውኃ መካከለኛ ከሆነ ከሚዛኑ 10 በመቶ፣ ሁለቱም እግሮች ካበጡ ሌላ 5 በመቶ ይቀነሳል። (የሆዱ ውኃ ጥቂት ሲሆን 5፣ እጅግ ብዙ ሲሆን 15 በመቶ ነው።) ከ72 ኪሎ 15 በመቶ ሲቀነስ 61 ኪሎ ያህል ቀረ። የጋሼ እውነተኛ ክብደት ይህ ነው። የፕሮቲኑ ልክ በየቀኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ስለሆነ፣ ለእሳቸው ከ73 እስከ 92 ግራም ይመጣል። ጠቅላላ ምግቡም ለአንድ ኪሎ 35 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ማለትም በቀን 2,100 ያህል። እትዬ ቁጥሩን ሲሰሙ «ልትገድያቸው ነው ወይ?» ማለታቸውን አልረሳውም።

ቁጥሩ ወደ ገበታ ሲመጣ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። ጠዋት ሁለት እንቁላል ከሁለት ቁራጭ ዳቦ ጋር 18 ግራም ፕሮቲን አለው። ረፋዱ ላይ አንድ ኩባያ እርጎ 8 ግራም ይሰጣል። ምሳ ላይ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18፣ ራት ላይ ከእጅ መዳፍ ያነሰ የዶሮ ሥጋ 22 ግራም ያህል ነው። ከመኝታ በፊት የሚጠጣው በሶ በወተት 15 ይጨምራል። ድምሩ 81 ነው፤ የእንጀራው ገና አልተቆጠረም።

ከዚህ ሁሉ ዋናው ያ የመኝታው በሶ ነው። ጤናማ ጉበት ከቀኑ ምግብ ስኳር አከማችቶ ሌሊቱን ሙሉ ለአንጎል ያካፍላል። የጠነከረው ጉበት ጎተራው ጠባብ ስለሆነ ክምችቱ እኩለ ሌሊት ሳይነጋ ያልቃል፤ ሰውነትም ጡንቻውን እያፈረሰ ስኳር መሥራት ይጀምራል። በ1983 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሲሮሲስ ያለበት ሰው አንድ ሌሊት ሳይበላ ሲያድር ሰውነቱ ጤነኛ ሰው ሁለትና ሦስት ቀን ከተራበ በኋላ የሚደርስበት ሁኔታ ላይ ይደርሳል። ጋሼ ከምሽቱ 12 ሰዓት ራት በልተው በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ነበር አፋቸውን የሚሽሩት (ሰዓቱ በአገራችን አቆጣጠር ነው)። አሥራ ስድስት ሰዓት ማለት ነው!

ኒውዚላንድ ውስጥ የተደረገና በ2008 የወጣ ጥናት ደግሞ ነገሩን የበለጠ ግልጽ አድርጎታል። 710 ካሎሪ ያለው አንድ ዓይነት ተጨማሪ ምግብ ለአንዱ ወገን በቀን፣ ለሌላው ወገን በመኝታ ሰዓት ለአንድ ዓመት ተሰጠ። የሰውነት ፕሮቲናቸው የጨመረው ማታ የበሉት ናቸው። ምግቡ ያው ሆኖ ሳለ ለውጡን ያመጣው ሰዓቱ ነው።

የመኝታው ምግብ ቢያንስ 50 ግራም ቀስ ብሎ የሚፈጭ እህል ነክ ነገር ሊኖርበት ይገባል። ከበሶ ዱቄት 70 ግራም በወጥ ቤት ሚዛን መዝኖ በአንድ ኩባያ ወተት መበጥበጥ ይህን ያሟላል። እኔ በበኩሌ ከፋርማሲ ከሚገዛው ውድ ጣሳ ይልቅ በሶን እመርጣለሁ። በሶ ያላገኘ ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ አንድ ኩባያ ወተትና አንድ ሙዝ ይውሰድ። ጨው አይጨመርም፤ ሆዱ ውኃ ለቋጠረ ሰው ጨው ጠላት ነው። ስለዚህ ከባልትና ቤት የሚመጣ ሽሮ ጨው የገባበት መሆኑን መጠየቅ ይገባል። ጋሼ በሶውን ማታ 4 ሰዓት ጠጥተው ጠዋት 1 ሰዓት ቁርስ ይበላሉ፤ ባዶው ሌሊት ከአሥራ ስድስት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ወረደ። ቀን ላይም ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በላይ ሳይቀምሱ አይቆዩም።

ጾም ሲመጣ በቤቱ ጭቅጭቅ ተነሣ። ባለሙያዋ ስለ ጾማችን ካዳመጠች በኋላ የመለሰችው ሁሉንም አስገረመ። የጾሙ ምግብ አያሳስባትም፤ እንዲያውም የምስር፣ የአተርና የሽንብራ ፕሮቲን ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ከቀይ ሥጋ ይልቅ ይስማማል፤ ቃጫው አንጀትን ያንቀሳቅሳልና። የሚጎዳው እስከ 9 ሰዓት አፍን ሳይሽሩ መዋሉ ነው። ጋሼ የነፍስ አባታቸውን አማክረው ከሰዓቱ ተፈቱ፤ ከፍስኩ ግን አልነኩም። ጠዋት ዳቦ ባልተጨመረበት ጨው የለውዝ ቅቤና የአኩሪ አተር ወተት፣ ምሳ ምስር፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት፣ ራት ሽሮ፣ ለመኝታ በሶው በዚያው ወተት፤ ከእንጀራው ጋር 73 ግራሙ ሞላ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ረመዳንን የምትጾሙ ወገኖችም ስለ ሰዓቱ ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በአራተኛው ወር ጋሼ እንደገና ተደነጋገሩ። በዋዜማው ዶሮ በልተው ነበርና እትዬ «ያው፣ ፕሮቲኑ ነው!» አሉ። ሐኪሙ ግን ስለ ዶሮው ሳይሆን ስለ ሰገራቸው ጠየቀ። ለልጃቸው ምርቃት ሌላ ከተማ ሄደው፣ መንገድ ላይ እንዳያስቸግራቸው ላክቱሎስ የሚባለውን ጣፋጭ ሽሮፕ ለሦስት ቀን ትተውታል፤ ለሦስት ቀንም አልተጸዳዱም። ሽሮፑ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እስኪያስወጣ የሚወሰድ ነው። ካነሰ አሞኒያው አንጀት ውስጥ ይቆያል፤ በዝቶ ተቅማጥ ካመጣ ደግሞ ሰውነት ደርቆ ያው መደናገር ይመጣል። ሽሮፑ ሲመለስ ጋሼ በሁለት ቀን ውስጥ ተመለሱ፤ ዶሮውም ከገበታቸው አልተነሣም።

አእምሮ ሲደነጋገር ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ሌላ ሰበብ ነው፤ ድርቀት፣ ትኩሳት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም ደም ማስታወክ፣ ከልክ ያለፈ የሽንት መድኃኒት፣ የእንቅልፍ ኪኒን። እነዚህ ሁሉ ተመርምረው ሥጋ በእርግጥ የማይስማማው ጥቂት ሰው ይገኛል። ለእሱም ፕሮቲኑ ወደ ጥራጥሬና ወተት ይዛወራል እንጂ አይቀነስም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሐኪሙ ይወስናል። ኩላሊቱ ወይም ስኳሩ ያስቸገረውም ልኩን በራሱ አያውጣ። ጥሬ ሥጋና ጥሬ ክትፎ ግን ለማንኛውም የሲሮሲስ ሕመምተኛ አይሆንም፤ ጀርሙን የሚቋቋምበት አቅም አነስተኛ ነው።

ጋሼ ዛሬም የሚዛኑን ቁጥር አያምኑትም። በየሳምንቱ እሑድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሣሉ፤ እትዬ ሰዓት ይዘው ይመዘግባሉ። ለሐኪሙ የሚያሳዩት ደብተር በሶውን የጠጡበትን ሰዓትና የተጸዳዱበትን ቁጥርም ይዟል። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ባለሙያዋ በትልቁ ያጻፈቻቸው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሲጠሯቸው በቅጡ ካልነቁ ወይም ቃላቸው ከተኮላተፈ፣ በሶም ሆነ ሽሮፕ በአፍ አይሰጥም፤ ትን ብሎ ወደ ሳንባ ይገባልና። አምቡላንስ ይጠራል።