ቢጫው ታርጋ የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሲያልፍ ታርጋውን ማንበብ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ቀዩ ኮድ 1 ታክሲ ነው፤ ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት። ቁጥሩን ለማየት ጊዜ ያላገኘ እግረኛ እንኳ ቀለሙን አይቶ የመኪናውን ዓይነት ይለያል። ከአገር ውጭ በተነሣ ፎቶ ላይ ደግሞ ይኸው ልማድ ለሌላ ጥያቄ መልስ ይሰጣል፦ ፎቶው የተነሣው የት አገር ነው?

የጎዳና ፎቶዎችን አይቶ አገሩን የመገመት ጨዋታ፣ በተለይም በ2013 የተጀመረው ጂኦጌሰር፣ ብዙ ሰዎችን ታርጋ አጥኚ አድርጓቸዋል። የሚገርመው በጉግል የጎዳና ፎቶዎች ላይ የመኪና ቁጥር እንዳይነበብ ሆን ተብሎ መደብዘዙ ነው። ፊደልና አኃዝ ይጠፋሉ። የታርጋው ርዝመትና ስፋት፣ የመደቡ ቀለም፣ ጥግ ላይ ያለው ባለቀለም ሰንበር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዳሉ ይቀራሉ፤ ተጫዋቾቹም የሚይዙት እነዚህን ነው።

ይህን አሠራር ለመረዳት አንድ ቀለም ይዞ መከተል ይበቃል። በብዙ አገር የታርጋ መደብ ነጭ ስለሆነ ነጭ ታርጋ ብቻውን ብዙም አይናገርም። ቢጫ ግን የአገሮቹን ዝርዝር ወዲያው ያሳጥረዋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ፤ ታርጋው ረጅም ነው ወይስ አጭር? ቢጫው ከፊትም ከኋላም ነው ወይስ ከኋላ ብቻ?

ከቅርጹ መጀመር ይቀላል። የአውሮፓ ታርጋ ቀጭንና ረጅም ነው፤ የተለመደው መጠን ወደ 52 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 11 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። የሰሜን አሜሪካው አጭርና ወፍራም ነው፤ 12 በ6 ኢንች፣ ማለትም ወደ 30 በ15 ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ በፎቶው ላይ ያለው ቢጫ ታርጋ ርዝመቱ የቁመቱን እጥፍ ያህል ብቻ ከሆነ አውሮፓን ወደ ጎን ትቶ ወደ አሜሪካ አህጉር መመልከት ይሻላል። ለምሳሌ ኮሎምቢያ ውስጥ የግል መኪና አጭር ቢጫ ታርጋ ከጥቁር ጽሑፍ ጋር ይይዛል። ታክሲና አውቶቡስ ደግሞ ነጭ ነው። በአንድ መንገድ ላይ የቤት መኪኖች በቢጫ፣ ታክሲዎች በነጭ አጭር ታርጋ ሲታዩ ግምቱ ይጠነክራል። የኒው ዮርክ ግዛትም ከ2010 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል ወደ ወርቃማ ያደላ ቢጫ ታርጋ በጥቁር ሰማያዊ ጽሑፍ ይሰጥ ነበር፤ መኪናው የኒው ዮርክ ከሆነ ግን ዙሪያው ያለው የመንገድ ምልክት በእንግሊዝኛ ነው።

ረጅም ሆኖ ከፊትም ከኋላም ቢጫ የሆነውን የሚጠቀሙ አገሮች ጥቂት ናቸው። ኔዘርላንድስ፣ ሉክሰምበርግና እስራኤል ከነሱ ዋነኞቹ ናቸው። ሦስቱም በግራ ጥግ ሰማያዊ ሰንበር ስላላቸው በደበዘዘ ፎቶ ላይ መንታ ሊመስሉ ይችላሉ። ቁጥሩ ከተነበበ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የእስራኤሉ አኃዝ ብቻ ነው፣ የኔዘርላንድሱ ፊደልና አኃዝ ቀላቅሎ በጭረት ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው፣ የሉክሰምበርጉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፊደልና አራት አኃዝ ነው። ካልተነበበ ግን ጎረቤት መኪኖችን ማየት ይጠቅማል። ኔዘርላንድስ ውስጥ የታክሲ ታርጋ ሰማያዊ ነው። ሉክሰምበርግ ትንሽ አገር ስለሆነች ከፈረንሳይ፣ ከቤልጂየምና ከጀርመን በየቀኑ ለሥራ የሚገቡ መኪኖች በቢጫዎቹ መካከል ነጭ ታርጋቸውን ይዘው ይቆማሉ። ከነዚህ ነጮች መካከል ቀይ ጽሑፍ ያለው ካለ የቤልጂየም ነው።

የእስራኤሉ ቢጫ እዚያ ዘመድ ላላቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች እንግዳ አይደለም፤ ከአሽዶድ ወይም ከነታንያ በሚላክ ፎቶ ላይ ከመኪናው ፊትም ኋላም ይታያል። እስከ 2017 ድረስ ሰባት አኃዝ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ለአዳዲስ መኪኖች ስምንት ሆኗል። ስለዚህ የአኃዙ ብዛት የፎቶውን ዘመን ለመገመትም ይረዳል። በዌስት ባንክ መንገዶች ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፍልስጥኤም አስተዳደር የተመዘገቡ መኪኖች ታርጋ ነጭ ሆኖ ጽሑፉ አረንጓዴ ነው፤ የእስራኤሎቹ ቢጫም በዚያው መንገድ ላይ ያልፋሉ። እዚህ ላይ ታርጋው መኪናው የት እንደተመዘገበ እንጂ ፎቶው የት እንደተነሣ አይናገርም።

ከኋላ ቢጫ፣ ከፊት ነጭ የሆነው አሠራር በዋናነት ከብሪታንያ ጋር የተያያዘ ነው። ኬንያና ኡጋንዳም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ በሦስቱም አገሮች የሚነዳው በግራ በኩል ነው። እንግዲህ አንድ ፎቶ ይታሰብ፦ መንገዱ ዳር መኪኖች ተደርድረዋል፤ ጀርባቸውን የሰጡት ቢጫ፣ ፊታቸውን የሰጡት ነጭ ታርጋ አላቸው። አገሩን ከሦስቱ ለመለየት ቀዳሚው ምልክት የኋላው ታርጋ ቅርጽ ነው። ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ ከጃፓን ተገዝተው የመጡ ያገለገሉ መኪኖች ይበዛሉ። የጃፓን ታርጋ አጭርና ሰፊ ስለሆነ የመኪናው የኋላ ማስቀመጫ የተሠራው ለሱ ነው፤ በዚህ ምክንያት በሁለት መስመር የተጻፈ አጭር ቢጫ ታርጋ በብዛት ይታያል። ብሪታንያ ውስጥ ግን ረጅሙ ነው የተለመደው። ፊደል ከተነበበ ደግሞ ነገሩ ያልቃል፤ የኬንያው በኬ ይጀምራል፣ የኡጋንዳው በዩ።

በታሰበው ፎቶ ላይ ታርጋው ረጅም ነው እንበል፤ ስለዚህ ብሪታንያ። ፎቶው የቤተሰብ አልበም ውስጥ ያለ፣ ያልደበዘዘ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገርም ያወጣል። ከመስከረም 2001 ጀምሮ የብሪታንያ ታርጋ ሁለት ፊደል፣ ሁለት አኃዝና ሦስት ፊደል ሆኗል። የመጀመሪያው ፊደል የተመዘገበበትን አካባቢ ይጠቁማል፤ ኤል ከሆነ ለንደን፣ ኤስ ከሆነ ስኮትላንድ ነው። ሁለቱ አኃዞች ደግሞ ጊዜውን ይይዛሉ። 07 ከሆነ መኪናው የተመዘገበው ከመጋቢት እስከ ነሐሴ 2007 ባለው ጊዜ ነው። ለሁለተኛው የዓመት አጋማሽ 50 ይደመርበታል፤ 57 ከመስከረም 2007 እስከ የካቲት 2008 ማለት ነው። (ወራቱና ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የብሪታንያ ሕግ መኪናን ከዕድሜው ያነሰ የሚያስመስል ቁጥር መለጠፍን ስለሚከለክል፣ በፎቶው ላይ 57 ካለ ፎቶው ከመስከረም 2007 በፊት ሊነሣ አይችልም። ከዚያ በኋላ መቼ እንደተነሣ ግን ታርጋው አይናገርም፤ መኪናው ዐሥር ዓመት ተነድቶ ሊሆን ይችላል።

ሰሜን አየርላንድም የብሪታንያ አካል ስለሆነች ቢጫና ነጩን ትጠቀማለች፤ ቁጥሯ ግን ከሌላው የተለየ ነው፣ በውስጡ አይ ወይም ዜድ የሚል ፊደል አለበት፣ ዘመንም አይነግርም። ድንበሩን ተሻግሮ ወደ አየርላንድ ሪፐብሊክ ሲገባ የኋላውም ታርጋ ነጭ ይሆናል፤ በግራ በኩል መነዳቱ ግን አይለወጥም። በአረንጓዴ መስክ መካከል የሚያልፍ አንድ የገጠር መንገድ የሚታይበት ፎቶ ከሁለቱ የየትኛው እንደሆነ ለመለየት ተጫዋቾች የሚፈልጉት ጀርባውን የሰጠ አንድ መኪና ነው፤ ሁለትና ሦስት ከተገኘ ይበልጥ ይታመናል፣ ምክንያቱም ብቻውን የቆመው መኪና ድንበር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል።